የናፖሊዮን ፀጉር፦ ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ችግሩ ሌላ ጋ ነው

«ናፖሊዮን ፀጉር ውስጥ አርሴኒክ እንዳለ በኒውክሌር ሬአክተር ተረጋግጧል ይባላል። ታዲያ መመረዙ ላይ እስካሁን ምን ያከራክራል?» (ከአንድ አንባቢ)

ሬአክተሩ የሚመልሰው «ስንት አለ?» የሚለውን ብቻ ነው። ማን ሰጠው፣ በምን መንገድ ገባ፣ ለዚያ ዘመን ሰው ብዙ ነው ወይስ የተለመደ የሚሉትን አያውቃቸውም። ክርክሩ ይህን ያህል የረዘመው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሰዎች የመጀመሪያውን መልስ ይዘው የቀሩትን ሦስቱንም ያገኙ ስለመሰላቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ስቴን ፎርሹፍቩድ የተባለ ስዊድናዊ የጥርስ ሐኪም፣ ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ሃሚልተን ስሚዝ እና ከአንደርስ ቫሴን ጋር ሆኖ፣ የናፖሊዮን ነው የተባለ ፀጉር አስመረመረ። ፀጉሩ ውስጥ ከሚሊዮን ክፍል 10 ክፍል ትንሽ ያለፈ አርሴኒክ ተገኘ። ዛሬ በጤነኛ ሰው ፀጉር ውስጥ የሚጠበቀው ከዚህ አንድ መቶኛ አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ «ንጉሡን መርዘው ገደሉት» የሚለው ወሬ ማቆሚያ አጣ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳናይ ወደ ወሬው ባንገባ ይሻላል።

ዘዴው ኒውትሮን አክቲቬሽን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጆርጅ ዴ ሄቬሲ እና ሂልዴ ሌቪ ኮፐንሃገን ውስጥ ጀመሩት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ናሙናው በኒውትሮን ይመታል። ከአርሴኒክ አቶሞች ጥቂቶቹ አንድ አንድ ኒውትሮን ይውጣሉ። በተፈጥሮ ያለው አርሴኒክ በሙሉ አርሴኒክ 75 ስለሆነ የዋጡት አርሴኒክ 76 ይሆናሉ። ይሄኛው አይረጋም። በ26 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ይፈርሳል፤ ከሚፈርሱት ግማሽ የሚጠጉት 559 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጋማ ጨረር ይተፋሉ። ያንን ጨረር የቆጠረ አርሴኒኩን ቆጠረ ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሚሊግራም ፀጉር አለን እንበል፤ ሁለት ሦስት ዘለላ ቢሆን ነው። ከሚሊዮን 10 ክፍል አርሴኒክ ካለው፣ ያለን አርሴኒክ 10 ናኖግራም ብቻ ነው። በዓይን አይታይም፤ ተራ የላብራቶሪ ሚዛንም አያውቀውም። ፀጉሩ ይታጠባል፣ ይመዘናል፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ወይም የኳርትዝ ብልቃጥ ይታሸጋል። አጠገቡ መጠኑ የታወቀ አርሴኒክ የተንጠባጠበበት ወረቀት በሌላ ብልቃጥ ይቀመጣል። ሁለቱ አብረው ሬአክተር ይገባሉ።

መካከለኛ የምርምር ሬአክተር ውስጥ በየሰከንዱ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 10 ትሪሊዮን ኒውትሮኖች ያልፋሉ ብንል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ከዚያች 10 ናኖግራም ውስጥ በየሰከንዱ 1,600 ያህል አቶሞች ይፈርሳሉ። ናሙናው የበለጠ ቢቆይ ቁጥሩ ያድጋል፣ ግን ለዘላለም አይደለም። የሚፈጠረውና የሚፈርሰው የሚመጣጠንበት ጣሪያ አለ። በ24 ሰዓት የጣሪያው ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ግን ለአርሴኒኩ ትርፍ የለም፤ የሚጨምረው ዕድሜ ረጅም የሆነው የሌሎች ንጥረ ነገሮች ጨረር ነው።

አሁን ናሙናው ወጣ። ወዲያው ልቁጠር የሚል ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። ፀጉር ውስጥ ከላብ የመጣ ጨው አለ፤ የጨው ሶዲየም ደግሞ ኒውትሮን ሲመታው ሶዲየም 24 ይሆናል። ይሄ ኃይለኛ ጨረር ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ የአርሴኒኩ ድምፅ አይሰማም። መቁጠሪያው ራሱም በጨረር ብዛት ይጨናነቃል፤ አንዱን ምት መዝግቦ ሳይጨርስ ሌላው ይደርስበታል፣ የሚያመልጠውም ይበዛል።

መድኃኒቱ መጠበቅ ነው። የሶዲየም 24 ግማሽ ዕድሜ 15 ሰዓት ነው። አምስት ቀን ማለት 120 ሰዓት፣ ማለትም ስምንት ጊዜ ግማሽ። ስለዚህ ሶዲየሙ ወደ 256ኛው ይወርዳል። አርሴኒኩም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ እሱ ግን የሚወርደው ወደ 24ኛው ገደማ ነው። በአርሴኒክ ከፍለን ጸጥታ ገዛን። ከ1,600ው ወደ 68 የሚጠጋ ተርፎናል። ከሚፈርሱት ውስጥ 559ኙን መስመር የሚሰጡት 45 በመቶ ያህል ናቸው፤ መቁጠሪያው ከነዚህ መቶ ጨረሮች ሁለቱን ይይዛል እንበል። በሰከንድ 0.6 ምት፣ በሰዓት 2,200 ምት ይመጣል። የምት ቆጠራ ስህተት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ስለሆነ 47 ነው፤ ሁለት በመቶ አካባቢ። ለ10 ናኖግራም ምንም አይልም።

በአንጻሩ የዛሬ ሰው ፀጉር፣ መቶ እጥፍ ያነሰ አርሴኒክ ያለው፣ በዚያው ሰዓት የሚሰጠው 22 ምት ነው። ያ ከአካባቢውና ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ከሚመጣው ጨረር ጋር ይደበላለቃል። ስለዚህ ብዙ ፀጉር ወይም ረጅም ቆጠራ ይፈልጋል፤ ቆጠራው ሲረዝም ደግሞ አርሴኒኩ እያለቀ ነው። ለዚህ ነው የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ስንት ሰዓት ተመታ፣ ስንት ቀን ቆየ፣ ስንት ሰዓት ተቆጠረ የሚሉት ሦስት ጊዜያት ካልተጻፉ ቁጥሩን የማላምነው። እነሱ ጌጥ አይደሉም፤ ቁጥሩ የተሠራው ከእነሱ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብሮሚን 554 ላይ፣ አንቲሞኒ 564 ላይ የየራሳቸው መስመር አላቸው። አርሴኒኩ መሃላቸው 559 ላይ ቆሟል። ዛሬ ባለው የጀርማኒየም መቁጠሪያ ሦስቱ ተለያይተው ይታያሉ፤ ቀደም ሲል በነበረው የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ግን አንድ ሰፊ ጉብታ ነበሩ። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች ናሙናውን ካስመቱ በኋላ አርሴኒኩን በኬሚካል ይለዩት ነበር። እዚህ ላይ ዘዴው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ከሬአክተር ከወጣ በኋላ በኬሚካሉም ሆነ በዕቃው የሚገባ አርሴኒክ ኒውትሮን ስላልመታው አይቆጠርም። ሬአክተር ከመግባቱ በፊት የገባ ቆሻሻ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ጉብታው በእርግጥ የአርሴኒክ መሆኑ በምን ይታወቃል? ዛሬ ቆጥሮ ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በመቁጠር። አርሴኒክ ከሆነ በ26 ሰዓት ግማሽ እየሆነ መውረድ አለበት። ብሮሚን ከተቀላቀለበት በ35 ሰዓት፣ አንቲሞኒ ከሆነ በ65 ሰዓት ገደማ ስለሚወርድ፣ በሁለተኛው ቆጠራ የሚሰላው «የአርሴኒክ መጠን» ጨምሮ ይገኛል። ፀጉር ተቀምጦ አርሴኒክ አይጨምርም። ቁጥሩ ከጨመረ የቆጠርነው ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ የ1961ዱ ቁጥር በዚህ ዘዴ የመጣ ነው፤ እኔ ስህተት ነው የምልበት ምክንያት የለኝም። የማልቀበለው ከዚያ በኋላ የተሰካበትን ታሪክ ነው።

ኒውትሮን የሚያየው የአቶሙን እምብርት ነው። አርሴኒኩ ከምን ጋር ተያይዞ እንደነበር፣ በደም ስር መጥቶ ፀጉሩ ሥር ይግባ ወይስ ከውጭ ይለጠፍበት አይለይም። ፀጉር ድኝ ያለበት ፕሮቲን ስለሆነ አርሴኒክን ከውጭም አጥብቆ ይይዛል፤ ማጠብ ሁልጊዜ አያስለቅቀውም። ያ ዘመን ደግሞ አርሴኒክ የሞላበት ነበር። በአረንጓዴ የግድግዳ ቀለም፣ በመድኃኒት፣ በአይጥ መርዝ አለ። ለመታሰቢያ የተቆረጠ ፀጉር እንዳይበላሽ የሚነሰነስበት ዱቄትም አርሴኒክ ሊኖረው ይችላል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል በሚል ዘለላውን ቆራርጦ «በዚህ ሳምንት ተመርዟል፣ በዚህኛው አልተመረዘም» ማለትም ተሞክሯል። ከውጭ የተለጠፈ አርሴኒክ ግን በዘለላው ላይ እኩል አይቀመጥም፤ ወጣ ገባ ማለቱ ብቻውን የመርዝ ቀን መቁጠሪያ አይሆንም።

ጥያቄውን በደንብ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2008 ጣሊያኖቹ ናቸው። የጣሊያን ብሔራዊ የኒውክሌር ፊዚክስ ተቋም ተመራማሪዎች ከሚላኖ ቢኮካ እና ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው፣ ፓቪያ ያለውን ትንሽ ሬአክተር ተጠቅመው፣ የመጨረሻውን ፀጉር ብቻ አልመረመሩም። ናፖሊዮን በኮርሲካ ልጅ ሳለ የተቆረጠ ፀጉር አመጡ። በኤልባ ግዞት ላይ ሳለ የተቆረጠውን ጨመሩ። በ1821 ሲሞት የተቆረጠው አለ። የወንድ ልጁ ፀጉርና የመጀመሪያ ሚስቱ የጆሴፊን ፀጉርም ተመረመረ። ከጎናቸው የዛሬ ሰዎች ፀጉር ተቀመጠ።

የድሮዎቹ ፀጉሮች ሁሉ ከዛሬዎቹ በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጡ ነበር። የልጅነቱና የሞቱ ቀን ፀጉር ደግሞ ጉልህ ልዩነት አልነበረውም። ልጁን፣ ሚስቱን፣ በኮርሲካ የነበረውን ሕፃን ማን መረዘ ሊባል ነው? ሁሉም የዘመኑን አየርና ዕቃ ነው የተጋሩት። ለእኔ ይህ የሴራውን ታሪክ ከመሠረቱ ያፈርሳል። ቢያንስ ፀጉሩን ምስክር አድርጎ መጥራት ከዚህ በኋላ አይቻልም።

«ዛሬ ደግሞ አይሲፒ ማስ የሚባል ፈጣን መሣሪያ አለ፣ ሬአክተር ለምን?» የሚሉም አሉ። ለአብዛኛው ሥራ ልክ ናቸው፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ናሙናውን አሲድ ውስጥ ማሟሟት ይጠይቃል፤ የ200 ዓመት ፀጉር ባለቤት ይሄን በቀላሉ አይፈቅድም። አርሴኒክን በተመለከተ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የመሣሪያው አርጎን ከናሙናው ክሎሪን ጋር ሲጣመር 40 እና 35 ተደምሮ 75 ይሆናል፤ ያው የአርሴኒክ ክብደት። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ማለፊያ ዘዴ አላቸው፣ ጨዋማ ናሙና ላይ ግን ጥንቃቄ አይቀርም። በሌላ በኩል ሬአክተሩ እርሳስን አያይም ማለት ይቻላል፤ እርሳስ በኒውትሮን ሲመታ ለቆጠራ የሚመች ጋማ አይሰጥም። ስለዚህ ነገ አንዱ ተነስቶ «ናፖሊዮንን የገደለው እርሳስ ነው» ቢል፣ እስካሁን በሬአክተር የተመረመሩት ፀጉሮች ለእሱም ለተቃዋሚውም አይመሰክሩም።