ስካን ላይ ቃል መቀየር፦ አንድ እርማት

«ስካኑን በኦሲአር ካስነበብኩት በኋላ ፈልጎ መተካት ነው እኮ። ቀበሌ የሚለውን ሁሉ ወረዳ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

አይ ወንድሜ፣ እንደዚያ አይሠራም። ኦሲአር ከምስል ላይ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ነው እንጂ ምስሉን አይነካውም። ፒዲኤፉ ውስጥ ከስዕሉ ጋር የማይታይ ጽሑፍ ብቻ ያስቀምጣል። የምትቀይረው እሱን ነው። እኔም ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ ቅጽ እንዲህ ቀይሬ አሳትሜ ነበር። ስክሪኑ ላይ «ወረዳ» ብዬ ስፈልግ ያገኝልኛል፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ቀበሌ» እንዳለ ነው።

ከኦሲአር የሚጠቅምህ የቃሉ ቦታ ነው። ቴሰራክት በሚባለው የኦሲአር ፕሮግራም እንዲህ ታወጣዋለህ፦

```
tesseract page.png out -l amh tsv
```

`out.tsv` ውስጥ እያንዳንዱ ቃል `left`፣ `top`፣ `width`፣ `height` እና ንባቡ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ100 የሚያሳይ `conf` አለው። ለምሳሌ 612፣ 840፣ 148፣ 46 ካለ፣ ከግራ 612፣ ከላይ 840 ፒክስል ላይ ያለውን ሳጥን ትሸፍንና አዲሱን ቃል ትጽፍበታለህ። የምትሸፍንበትን ቀለም ከዚያው ወረቀት ውሰድ። ያረጀ ወረቀት ላይ ንጹሕ ነጭ እንደ ፕላስተር ያስታውቃል።

የአማርኛው ጣጣ ሌላ ነው። ሳጥኑ የሚይዘው «በቀበሌው» የሚለውን ሙሉ ቃል ነው። ስለዚህ «ወረዳ» ሳይሆን «በወረዳው» ብለህ ትተካለህ። «ቀበሊ» ብሎ ካነበበው ደግሞ ፍለጋህ ጭራሽ አያገኘውም። `conf` ከ80 በታች የሆኑትን በዓይንህ እያቸው፣ እያንዳንዱን ምትክም ራስህ አጽድቅ። በመጨረሻ የተቀየረውን ምስል እንደ አዲስ አስነብበው፤ የድሮው ስውር ጽሑፍ አብሮ እንዳይቀር።