ሃያ ሺህ ይዞ መሄድ

ፓወር ባንኬ ላይ 20000 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። የገዛሁትም ለቁጥሩ ስል ነው። ሰው በመኪናው እንደሚኮራ እኔ በሃያ ሺዬ እኮራ ነበር። ኤርፖርት ፍተሻ እስክደርስ ድረስ።

«ስንት ዋት አወር ነው?» አለችኝ ፈታሿ።

«ሃያ ሺህ!» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ነው።»

ክው አልኩ። ከተፈቀደው 200 እጥፍ ተሸክሜ መጥቻለሁ ማለት ነው! «በቃ፣ ለጭነት ከሚሰጠው ሻንጣ ጋር ይሂድ» ልላት ስል ዓይኗ ፈጠጠ። ለካ ይሄኛው የባሰ ጥፋት ነው። ፓወር ባንክ ከነጭራሹ እዚያ አይገባም። ድንገት ቢጨስ ሰው የሚያየው፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት።

ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ጋሼ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ እዚህ የተጻፈው ሚሊአምፒር አወር ነው። እሱ የውሃው ብዛት በለው። ቮልት ደግሞ ውሃው የሚወርድበት ከፍታ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው ሁለቱ ሲባዙ ነው፤ ዋት አወር ማለት ያ ነው።» ስልካቸውን አውጥተው ጻፉልኝ፦

```
Wh = mAh × V ÷ 1000
```

ቮልት ፍለጋ ፓወር ባንኩን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ጉንዳን ለጉንዳን የጻፈው ደብዳቤ ይመስላል። ዓይኔን አጥብቤ «5V» የሚል አገኘሁ። 20000 በ5 ሲባዛ፣ ለ1000 ሲካፈል፣ ልክ 100! ለጥቂት ተረፍኩ ብዬ ልተነፍስ ስል ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«5 ቮልቱ በገመድ ወደ ስልክህ የሚወጣው ነው። ሃያ ሺው የተቆጠረው ግን ውስጥ ባለው ባትሪ ነው። የባትሪውን ፈልግ።»

እውነትም ዝቅ ብሎ «3.7V» ይላል። 74 ዋት አወር። እንዲያውም አጠገቡ «74Wh» ተብሎ ተጽፏል! ያን ሁሉ ሒሳብ የሠራሁት መልሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ደግነቱ ፓወር ባንኬ የ25000 አልሆነም። በ5 ቮልት 125 አስወጥቼ፣ 92.5 ብቻ የሆነውን ዕቃ በገዛ እጄ ቆሻሻ ውስጥ እጥለው ነበር።

«ስልኬንስ ልደምርበት?» አልኩ፣ ሒሳቡ ጥሞኝ። 5000 በ3.85 ቮልት፣ 19.25 ዋት አወር።

«አይደመርም። 100ው ለእያንዳንዱ ባትሪ ለብቻው ነው። እለፍ!» አለች ፈታሿ።

አለፍኩ። ተራው የጋሼ ሆነ። ከቦርሳቸው ጡብ የሚያህል ፓወር ባንክ ወጣ። 30000 ይላል። ጀርባው 3.7 ይላል። ፈታሿ በዚያው በእሳቸው ቀመር አሰላችው፤ 111 መጣ።

«ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። አስፈቅደዋል?»

ጋሼ ፓወር ባንኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ በ3.3 ብናባዛውስ?»