17 ሰው ነን ወይስ 12.25?

ኧረ እናንተዬ፣ ይህን ነገር ቤት ውስጥ ባወራው የሚሰማኝ የለም። እዚሁ ልተንፍሰው።

ደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ክሊኒክ የሰው ኃይሉንም ደመወዙንም የምሠራው እኔ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ቅጽ ይመጣል። ቅጹ ላይ «የሠራተኛ ብዛት በሙሉ ጊዜ ሲሰላ» የሚል ሳጥን አለ። እነሱ ኤፍቲኢ ይሉታል። ሥራ አስኪያጃችን ሳጥኑን አይተው፣ «ምን ያስጨንቅሻል የኔ ልጅ፤ 17 ነን፣ 17 ብለሽ ላኪው» ይሉኛል።

ጋሼ፣ 17 ነን፤ ደመወዝ ቀን ተሰልፈን ስንፈርም 17 ነን። ሳጥኑ የሚጠይቀው ግን ስንት ሰው እንደሚፈርም አይደለም። የሁላችንም የሥራ ሰዓት ቢደመር የስንት ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሥራ ይሆናል ነው ጥያቄው።

ለምን እንዲህ አንገበገበሽ የሚለኝ አይጠፋም። ነርስ ይቀጠርልን ብለን ጠይቀን ነበር። ከላይ በስልክ የመጣው መልስ ምን መሰላችሁ? «አምስት ነርስ እያላችሁ ስድስተኛ ምን ያደርግላችኋል?» አምስቱ የመጡት በፊት ከተላከው ቅጽ ነው። ጭንቅላት ተቆጥሮ የተላከ!

እስቲ አምስቱን ነርሶች እንያቸው። ሁለቱ ሙሉ ጊዜ ናቸው፤ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራሉ። ሦስቱ የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። እዚያ ውለው ከምሽቱ 12 ሰዓት እኛ ጋ ይገባሉ፣ 3 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ 18 ሰዓት ማለት ነው። 18 ለ48 ሲካፈል 0.375 ይሆናል። ሦስቱ አንድ ላይ 1.125። ስለዚህ ያለን ነርስ አምስት ሳይሆን 3.125 ነው። ወደ ሁለት የሚጠጋ ነርስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ክሊኒኩን በሙሉ ላስላው። ሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ዘጠኝ ነን። ፓርት ታይሞቹ ስምንት ናቸው። ሦስቱ ነርሶች በሳምንት 54 ሰዓት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕር ዳር የሚመጡት ስፔሻሊስት 8 ሰዓት። ሁለተኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ 24። ሁለቱ የጽዳት ሠራተኞች 30፣ 30። ሒሳብ የሚዘጋው ልጅ 10። ድምሩ 156 ሰዓት ነው። 156 ለ48 ሲካፈል 3.25 ይመጣል። ዘጠኙን ስንጨምር 12.25። አለቀ። መደመርና ማካፈል ብቻ ነው!

ሒሳብ የሚዘጋው ልጅ ደግሞ፣ «ፓርት ታይም ግማሽ አይደል? ስምንቱን በግማሽ ምቺውና 13 በይ» አለኝ። ለመልሱ ቀረብ ይላል፤ ግን በአጋጣሚ ነው። ስፔሻሊስቱ 0.17 ናቸው፣ የጽዳት ሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው 0.625። አንዱ ሲያንስ ሌላው ሲበልጥ ተካክሶለት ነው። በዚያው ስሌት ነርሶቹን ብቻ ብናይ 3.5 ይሆኑለታል። እሱ ራሱኮ በግማሽ ከተመታ 10 ሰዓቱ 24 ሊሆንለት ነው!

ዋናው ንዴቴ ግን ቅጹ ላይ ነው። ኤክሴሉን ማን እንደሠራው አላውቅም፤ ማካፈያው 40 ሆኖ ተቆልፏል። የውጭ አገር የሥራ ሳምንት ነው። በእኛ አገር አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ነው፤ የእኛም ውል 48 ይላል። መንግሥት ቤት ደግሞ ከዚህ ያነሰ ነው። ማካፈያው የቤቱ ሙሉ ጊዜ መሆን አለበት እንጂ በሰው ቁና እህል አይሰፈርም። በ40 ሲካፈል ዘጠኝ ሙሉ ጊዜ ሠራተኞች 10.8 ሆነው ይመጣሉ፣ ጠቅላላው 14.7። ስህተቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ወስዳችሁ አስሉት። በትክክል 1 ካልመጣ ማካፈያው የእናንተ አይደለም።

በወር ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። ወሩን አራት ሳምንት አድርጎ 48 በ4፣ 192 የሚል ሞልቷል። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። 48 በ52 ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል 208 ሰዓት ነው፤ ደመወዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ቁጥር በእንቅልፉም ያውቀዋል። የማታዋ ነርስ በወር በአማካይ 78 ሰዓት አላት። በ208 ስታካፍሉት ያው 0.375 ነው። በ192 ከሆነ 0.41 ትሆናለች፣ ሰዓት ሳትጨምር አደገች። (የዓመቱን ሰዓት በእኛ ወር የምትሞሉ፣ ጳጉሜን አትርሱ። የራሷ ደመወዝ ባይኖራትም ሥራ አለባት።)

ትርፍ ሰዓትም አለ። ዋናው የላቦራቶሪ ባለሙያችን ሥራ በበዛበት ሳምንት 12 ሰዓት ትርፍ ሠርቶ 60 ይሞላል። 60 ለ48፣ 1.25። አንድ ሰው አንድ ከሩብ ሆነ ማለት ነው! ለሠራተኛ ብዛት ከሆነ ሰውየው ከ1 አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓቱ ክፍያው ላይ ለብቻው ይታያል። የተሠራውን የሥራ መጠን ነው የምንፈልገው ካሉ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጠር፤ ግን የትኛውን እንደሆነ ቅጹ ላይ ይጻፉት። እኔ በራሴ ፋይል ላይ ሰዓቱን ሲ ዓምድ ውስጥ አድርጌ እንዲህ ነው የማሰላው፦

```
=MIN(1,C2/48)
=SUM(D2:D18)
```

የመጀመሪያው ዲ ዓምድ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ነው፣ ሁለተኛው ለ17ታችን ድምር። መሃል ላይ ማጠጋጋት የለም። 0.375ን ወደ 0.4 ያጠጋጋ ሰው ሦስቱን ነርሶች 1.2 ያደርጋቸዋል። ማጠጋጋት ካማራችሁ መጨረሻ ላይ አንዴ አጠጋጉ።

እውነቱን ለመናገር 12.25ም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ያ 1.125 የማታ ነርስ ጠዋት የለም። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የመጣ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኮሪደሩን ሲሞላው መርፌ የሚወጉትም፣ ቁስል የሚያጥቡትም፣ ግፊት የሚለኩትም ያው ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ ከቁጥሩ ጋር የፈረቃውን ሰሌዳም አያይዤ ላክሁ። ነርስ የጠየቅነው ለጠዋት መሆኑን በትልቁ ጻፍሁበት።

መልስ መጣ። ሰሌዳውን የከፈተው ያለ አይመስለኝም። ደብዳቤው ላይ የነበረው ይህ ነው፦ «ባለፈው ሪፖርት 17 የነበረው የሠራተኛ ብዛት ወደ 12.25 ዝቅ ብሏል። 4.75 ሠራተኛ የለቀቀበት ምክንያት በአስቸኳይ ተብራርቶ ይላክልን።»