ጨማቂው ጎረቤቴ

እግዜር ይስጣቸው፣ ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ገጽ የሚያቀርቡልን መጽሐፍ ጨማቂዎቻችን ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሰው ከየት አምጥቶ ነው 300 ገጽ የሚያነበው? ጠዋት ገና ሳይነጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ማታ ደግሞ ጀሪካን ይዞ ደረጃ ላይ ነው።

የእኛ ብሎክ ጨማቂ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ሰሞኑን አንድ ወፍራም የስኬት መጽሐፍ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጀመረና ቃሊቲ ሳይደርስ ጨረሰው። የጀርባውን ጽሑፍ፣ ማውጫውንና በደማቁ የተጻፉትን መስመሮች አንብቧል። ከዚያ በላይ ማንበብ ደራሲውን መጠራጠር ነው። በነጋታው ደረጃችን ግድግዳ ላይ አንድ ገጽ ተለጠፈ። «በ21 ቀን አዲስ ሰው ሁን!» ይላል። ሥሩ አሥር ትእዛዝ አለ፤ አራቱ «በራስህ እመን» ናቸው፣ አጻጻፋቸው ብቻ ይለያያል።

ጥበቡን ለማድነቅ መጽሐፉን ማወቅ ያስፈልጋል። «ሳይኮ ሳይበርኔቲክስ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው። ጸሐፊው ማክስዌል ማልትዝ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። አፍንጫው የተስተካከለለት ሰው አዲሱን ፊቱን እስኪለምድ፣ እጁ ወይም እግሩ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ አካሉ አሁንም ያለ እየመሰለው መቸገሩን እስኪተው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታዘበ። አብዛኛውን ጊዜ፣ ቢያንስ 21 ቀን ያህል ይወስዳል ብሎ ጻፈ።

የእኛ ሰው እዚህ ላይ እጅጌውን ጠቀለለ። «አብዛኛውን ጊዜ»ን ጣለ። «ቢያንስ»ን ጣለ። «ያህል»ን ጣለ። አፍንጫውንም ጣለ። 21 ብቻዋን ጠብ አለች። ጭመቃ ማለት ይሄ ነው!

ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ገጹን አንብባ ማለዳ የእግር ጉዞ ጀመረች። 21 ቀን ቆጠረች። በ22ኛው ቀን ከብርድ ልብስ መውጣት እንደ መጀመሪያው ቀን ሞት ሆነባት። «ሌላው ሰው በ21 ቀን ይለወጣል፣ እኔ ግን ሰነፍ ነኝ ማለት ነው» ብላ ተወችው። ይኸው፣ አንድ ገጽ ሰውን ከራሱ ጋር አስተዋወቀ።

በሌላ በኩል ደግሞ ጊዜን የማያከብሩ ሰዎች አሉ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ መምህር ይህንኑ መጽሐፍ ለመጨመቅ ሁለት ሳምንት ፈጁ። ሁለት ሳምንት! ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ደብተራቸው ላይ ሁለት ጥያቄ ይጽፋሉ፦ ምን አለ? በምን አወቀ? አንዱ ምዕራፍ የሌላውን ሐሳብ በሌላ ታሪክ ሲደግም ካገኙ፣ ሁለቱን አንድ መስመር ያደርጓቸዋል። ታሪኮቹን ይቆርጣሉ። «ቢያንስ»ን ግን አይነኩም። ምን ዓይነት ስስት ነው?

ይባስ ብለው ከገጹ ግርጌ መስመር አሰመሩና «ከዚህ በታች ያለው የመጽሐፉ አይደለም» ብለው ጻፉ። እዚያ ያስገቡት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እነ ፊሊፓ ላሊ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውን ጥናት ነው። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው ልማድ ሊያደርጉት የሚፈልጉትን አንድ ትንሽ ነገር መረጡ። ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት። ለ12 ሳምንት በየቀኑ ያው አጋጣሚ ሲመጣ ያንኑ አደረጉ። ተመራማሪዎቹ እንደ ሰዉና እንደ ድርጊቱ ልማድ ለመሆን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ገመቱ፤ ቁጥሮቹ በተርታ ሲደረደሩ መካከለኛው 66 ላይ ወደቀ። አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል እንደማይጎዳም አዩ። ይህን ለምን ይጽፋሉ? ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ብታነበው እኮ እስካሁን ትሄድ ነበር።

በዚህም አልበቃቸውም። መጽሐፉን አይተው ለማያውቁት ለግቢው ጥበቃ ገጹን ሰጧቸውና «ነገ ጠዋት ምን ያደርጋሉ?» አሉ። ጥበቃው አሰቡ፣ አሰቡና «ደስ የሚል ነገር ነው ጋሼ» አሉ። መምህሩ ገጹን ቀደዱት። እንደገና ጽፈው ወሰዱት። አሁን ጥበቃው «ፈረቃዬን እንዳስረከብኩ፣ ቁርስ ሳልቀምስ፣ ግቢውን አንዴ እዞራለሁ። ሁለት ወርም ቢፈጅ አልደነግጥም» አሉ። ያኔ መምህሩ ፈገግ ብለው ለጠፉት። ለአንድ ሰው መልስ ሲሉ ሙሉ ገጽ መቅደድ! ወረቀት በዚህ ዋጋ!

ጨማቂያችን ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው አያሳፍርም።

«ጋሼ፣ በጣም አሪፍ ነው» አላቸው። «ትንሽ ረዝሟል እንጂ። ልጨምቅልዎት?»

በማግስቱ ጠዋት ግድግዳው ላይ አዲስ ገጽ ተለጥፎ አገኘን። «በ66 ቀን አዲስ ሰው ሁን!»