ግልባጭ፦ ለቅርብ ኃላፊዬ

ቢሮዎቻችን ካፈሯቸው ጥበቦች መካከል፣ የቅርብ አለቃን በምስጋና አጥቦ ለአለቃው አለቃ የሚያቀርብ ኢሜይልን የሚያህል የለም። ክስ አይደለም፤ ስሞታም አይደለም። ጸሐፊውን ብትጠይቁት «ኧረ እኔ እንዲያውቁት ብዬ ነው» ይላችኋል።

አንድ ናሙና እንይ። የኮምፒውተር ግዢ ጥያቄ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ የክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከግንቦት መባቻ ጀምሮ ፊርማ ይጠብቃል። የፕሮፎርማዎቹ ዋጋ የሚጸናበት ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ በጀቱም ሰኔ 30 ይዘጋል። ተራ ሰው ቢሆን ዳይሬክተሩ ዘንድ ገብቶ «አልፈርም አለኝ» ይል ነበር። የእኛ ጠቢብ እንዲህ ያለ ብልግና አያውቅም። አዲስ ኢሜይል እንኳ አይጀምርም፤ መልስ ያላገኙትን የቀድሞ ማስታወሻዎቹን ከነቀናቸው ከሥር አንጠልጥሎ፣ በዚያው ላይ ይቀጥላል። ዳይሬክተሩ ተቀባይ ይሆናሉ፣ ኃላፊው ወደ ግልባጭ ዝቅ ይላሉ። የሚከሱት ቀኖቹ ናቸው፤ እሱ ምን አለ?

«የክፍላችን ኃላፊ በዓመት መዝጊያ ሥራ መወጠራቸውን ስለምረዳ፣ እርሳቸውን ላለማስቸገር በማሰብ…» ርኅራኄውን ተመልከቱ! «ምናልባት ቀደም ሲል የላክኋቸው በኔትወርክ ችግር አልደረሷቸው ይሆናል።» ስንት ኃጢአት የተሸከመ ኔትወርክ ነው። የእኔ ምርጥ ግን መዝጊያው ነው፦ «ኃላፊያችን ላልተቋረጠው ድጋፋቸው ከልብ አመሰግናለሁ።» እውነቱን ነው፤ ያልተጀመረ ነገር በምን ይቋረጣል?

መላኪያው ሰዓትም ዕውቀት ይጠይቃል። አርብ አሥራ አንድ ተኩል፤ ኃላፊው ቦርሳቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ፣ ዳይሬክተሩ ግን ስልካቸውን ሳይዘጉ።

ጀማሪዎች ስውር ግልባጭ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ አይመከርም። በስውር የተጨመረው ወዳጅ ለሁሉም መልሶ «በርታ ወንድሜ፣ ልክ ልካቸውን ነግረህልኛል!» ያለ ቀን ጨዋነቱ ሁሉ ያከትማል።

ደግሞ አንዳንድ ያልሠለጠኑ አሉ፤ ለኃላፊያቸው ፊት ለፊት «እስከ ረቡዕ ካልተፈረመ የፕሮፎርማው ጊዜ ያልፋል። የሚያግድዎት ነገር ካለ ዳይሬክተሩን አብረን እንጠይቅ?» ብለው ይጽፋሉ። ቀኑን፣ ጉዳቱንና ወደ ላይ መሄዳቸውን ሳይደብቁ! ምን ጣዕም አለው?

የጠቢቡን ፍሬ ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ቅዳሜ ማለዳ ኢሜይሉን እንዳለ ለኃላፊው መሩት፦ «ተመልክተህ አስፈጽም።» ሰኞ ጠዋት ኃላፊው በተራቸው ወደ ጠቢቡ መሩት፦ «ጥያቄህ ተገቢ ነው። የዋጋው ጊዜ ሊያልፍ ስለሆነ ሦስት አዲስ ፕሮፎርማ አሰባስበህ፣ ከዝርዝር ጥናት ጋር አቅርብልኝ። ላልተቋረጠው ትጋትህ ከልብ አመሰግናለሁ። ግልባጭ፦ ለክቡር ዳይሬክተር።»