ማች ከቱን ማን ይጻፈው?

ጥያቄ፦ «አጭር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ማች ከት፣ ከት ኦን አክሽን፣ ዲዞልቭ እያልኩ ስክሪፕቱ ላይ ላስፍር ወይስ ለኤዲተሩ ልተወው?»

ጸሐፊው፦ ጻፈው። ያልተጻፈ ነገር አይቀረጽም። እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ። እናት አዲስ አበባ ውስጥ ምጣዱን በአክንባሎ ትከድናለች። ልጇ ዱባይ፣ በሰው ቤት፣ የልብስ ማጠቢያውን ክብ በር ትዘጋለች። አንዱ ክብ በቀጥታ ወደ ሌላው ክብ እንዲሻገር፣ በሁለቱ መሃል ቀኝ ጠርዝ ላይ «ማች ከት» ብዬ ጻፍኩ። ፊልሙን ሳየው እናትና ልጅን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ኤዲተሩ እንደፈለገ ቆርጦ ቀጥሎታል። ከት ኦን አክሽኑንም ዲዞልቩንም ጽፌ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ኤዲተሯ፦ ወንድሜ፣ ኤዲተሩን ከመውቀስዎ በፊት ምን ዓይነት ቀረጻ እንደደረሰው ጠይቀዋል? አክንባሎው ከጎን ከተቀረጸ ክብ ሆኖ አይታይም። የማሽኑ በር ደግሞ ከፊት ለፊት፣ በቅርበት ከመጣ ሁለቱን ማንም አያስማማቸውም። ክቡ በሁለቱም ሾት ፍሬሙ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ካልሆነና መጠኑ ካልተቀራረበ ዓይን አያገናኘውም። ያ የሚወሰነው ካሜራ ሲተከል ነው። ሁለቱ ሲኖች በተለያየ ሳምንት ሲቀረጹ ካሜራማኑ ከ«ማች ከት» ምን ይረዳል? የመጀመሪያው ሲን እንዲህ ቢያልቅ ኖሮ፦ «ከላይ ሲታይ። አክንባሎው ምጣዱ ላይ ያርፋል። ክቡ ፍሬሙን ሞልቶታል።» ቀጣዩ ደግሞ እንዲህ ቢጀምር፦ «ፍሬሙን የሞላ ክብ መስታወት። ከጀርባው ልብስ መዞር ይጀምራል።» ይህን ያነበበ ሰው ካሜራውን የት እንደሚያቆም ያውቃል።

ከት ኦን አክሽንን ግን ይተዉልን። ሴትዮዋ ከወንበር ስትነሳ፣ መነሳቷ መሃል ላይ ከሰፊው ሾት ወደ ቅርቡ እሻገራለሁ። ተዋናይዋ አነሳሷን በሁለቱም ሾት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካደረገችው ይበቃኛል። የትኛው ፍሬም ላይ እንደሚቆረጥ ደራሲ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አያውቀውም።

ጸሐፊው፦ «ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ!» እህቴ፣ እናትና ልጅን ያገናኘኋቸው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለ ወንበር ማን አወራ? ሰው በር ከፍቶ መንገድ ሲወጣ ውስጡ አንድ ሲን፣ ውጩ ሌላ ሲን ነው። ቤቱና መንገዱ የተለያየ ሰፈር ሊቀረጹ ይችላሉ። በሩን በየትኛው እጁ እንደከፈተ፣ ምን ያህል ፈጥኖ እንደወጣ ካልጻፍኩ ማን ይይዘዋል? በ1959 የወጣው የሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» መጨረሻ ላይ ሰውየው ሴቲቱን ከገደል ጫፍ መሳብ ይጀምራል። መሳቡ የሚያልቀው ባቡር ውስጥ፣ አልጋ ላይ ነው። አክሽኑ አንድ፣ ቦታው ሁለት። ይህ ቀድሞ ሳይታሰብ ኤዲቲንግ ላይ የሚገኝ ይመስልዎታል?

ኤዲተሯ፦ ኤዲቲንግ ላይ ስለሚገኝ ነገር ካነሱ፣ የ1962ቱን «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ» ይመልከቱ። ክብሪት በትንፋሽ ይጠፋል፣ ወዲያው የበረሃ ፀሐይ መውጫ ይመጣል። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው ግን ዲዞልቭ ነበር፤ አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሌላው በላዩ ላይ እየጎላ እንዲመጣ። በዚያ ዘመን ዲዞልቭ ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርቶ ነበር የሚመጣው። እስኪመጣ ሁለቱ ሾቶች በቀጥታ ተቀጥለው ይታያሉ። ኤዲተሯ አን ኮትስና ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን እንደዚያው ሲያዩት ቀጥታው ከት በለጠባቸው። የተጻፈውን ብቻ ቢከተሉ ያ ከት አይኖርም ነበር።

ጸሐፊው፦ ክብሪቱንና ፀሐይዋን ጎን ለጎን ያስቀመጣቸውስ ማን ነው? ስክሪፕቱ አይደለም እንዴ? እነሱ የቀየሩት መሸጋገሪያውን ነው፤ ምስሎቹ ተያይዘው ተጽፈው ነበር። እኔም ሁለት ክብ ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነበር። የእኔ ሲሆን የጠረጴዛ ሥራ ተባለ።

ኤዲተሯ፦ ዲዞልቭ ሲሆን ይጻፉት፣ እኔም እለምንዎታለሁ። በሴኮንድ 24 ፍሬም በተቀረጸ ፊልም የአንድ ሴኮንድ ዲዞልቭ 24 ፍሬም ይወስዳል። መቁረጫው ነጥብ የዲዞልቩ መሃል ላይ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ሾት ከመቁረጫው በኋላ 12 ፍሬም፣ ከሁለተኛው ከመቁረጫው በፊት 12 ፍሬም ትርፍ ያስፈልገኛል። ዳይሬክተሩ ንግግሩ እንዳለቀ «ከት!» ካለ ያ ትርፍ የለም። የማገኘው ተዋናዩ ገጸ ባሕሪውን ጥሎ ሲዞር ነው። ዲዞልቩን ስክሪፕቱ ላይ ካየው ግን ካሜራውን ትንሽ ያስኬደዋል።

ጸሐፊው፦ ስለዚህ ለእርስዎ ሲመች ይጻፋል፣ ለእኔ ሲሆን አይጻፍም። እሺ፣ ቀይሩት። ግን ስትቀይሩት ደውሉልኝ። ከዚያ በላይ ምን ጠየቅኩ?

ኤዲተሯ፦ ደራሲ ጋ መደወል የዳይሬክተሩ ነው፤ እኔ የመጣልኝን ነው የምቆርጠው። ለጠያቂው ግን ይህን ልበል። የእያንዳንዱን ሲን የመጨረሻ መስመርና የቀጣዩን የመጀመሪያ መስመር ብቻ ነጥለህ አንብብ። ሁለቱ ምስሎች እዚያው ከተገናኙ «ማች ከት» ጨምርበት። ካልተገናኙ ምስሉን እንደገና ጻፈው። በየሲኑ መጨረሻ «ከት» ብቻ እያልክ አትድከም፤ አዲስ የሲን ርዕስ ሲመጣ መቆረጡ የታወቀ ነው።

ጸሐፊው፦ የበሩን ጥያቄ ግን አልመለሱልኝም።