ጮክ ብለው የሚያስቡ ጀግኖቻችን

አጭር ልብ ወለድ ወስደው ወደ ፊልም ጽሑፍ የሚቀይሩ ወገኖቻችን ያልተከፈላቸው ምስጋና አለ። ተመልካች በራሱ ጭንቅላት አንዲት ነገር እንዳይደርስባት የሚያደርጉት ጥንቃቄ የእናት ነው። ጀግናው ሲከፋው ከላይ ድምፅ ይመጣና «ከፋኝ» ይላል። ተመልካቹ እንዳይሳሳት ደግሞ ጀግናው መስታወት ፊት ቆሞ ይደግመዋል። ያም ካልበቃ ስልክ ይደወልለታል። ደዋዩ በፊልሙ ሁሉ ሥራው «ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም» ማለት ብቻ የሆነ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው ታማኝ ጓደኛ ነው።

ጥበቡን በቅርብ ለማየት አንድ የሐረር ታሪክ እናስብ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወርደው፣ «መኪና ግርግር» በሚባለው፣ ስሙን ከስፌት መኪኖች ድምፅ ባገኘው መንገድ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የመርፌ ቀዳዳ አይታያቸውም። ለማንም አልነገሩም። ታሪኩ 12 ገጽ ነው እንበል፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱ ገጽ የሚካሄደው በሽማግሌው ሆድ ውስጥ ነው። ይፈራሉ፣ ያስታውሳሉ፣ ይቆጫሉ፣ ደንበኛ ሲገባ ይደነግጣሉ።

የእኛ ጸሐፊ ይህን ሲያገኝ እጁን አያሽም። ሰባቱን ገጽ እንዳለ ገልብጦ «ተራኪ ድምፅ» የሚል ርዕስ ይሰጠዋል። ድምፁ ሲነበብ ስዕሉ ምን ይሁን? አቦ፣ ይሄ ጥያቄ ነው? ሽማግሌው በከተማው ግንብ በጁገል አምስቱ የጥንት በሮች በኩል ይዞራሉ። ከሸዋ በር ወደ ቡዳ በር፣ ከዚያ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። አንድ በር አንድ ሐዘን። ከላይ ድሮን። እግራቸው ጤነኛ መሆኑን አረጋግጠናል፤ የታመመው ግን ዓይናቸው ነበር።

ይህን የመሰለ ቀላል መንገድ እያለ ነገር የሚያወሳስቡ ጸሐፊዎች መኖራቸው ያሳዝናል። የሚሠሩትን እንዘርዝር፤ ወጣቶች እንዲጠነቀቁ።

እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳሉ። በታሪኩ ውስጥ ካሜራ ሊያነሳው የማይችለውን ግሥ ሁሉ ያሰምሩበታል፤ አሰቡ፣ ተሰማቸው፣ ትዝ አላቸው፣ ገባቸው፣ ፈሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቀይ መስመር ፊት ቆመው «ይህን የፈራ ሰው በእጁ ምን ያደርጋል?» ብለው ይጠይቃሉ። «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አያውቁም፤ ቃለ ተውኔት የሚባል ነገር ያለ አይመስላቸውም።

ከዚህ ጥያቄ የሚወጣውን ተመልከቱ። ሽማግሌው ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ ለማጁ ልጅ አሥር መርፌ ክር አስገብቶ ይሰጣቸዋል። መርፌዎቹን በኮታቸው ኮሌታ ላይ ይሰካሉ። ቀኑን ሙሉ ሲዘመዝሙና ቁልፍ ሲተክሉ መርፌዎቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ነው፤ ስለዚህ በኮሌታው ላይ የቀረው መርፌ የቀራቸው የሥራ ሰዓት ነው። በፊልም ጽሑፍ ሲሰፍር ደግሞ እንዲህ ይመስላል፦

ውስጥ። የልብስ ስፌት ሱቅ። ከሰዓት በኋላ።
ሽማግሌው ኮሌታቸውን ይዳብሳሉ። አንድ መርፌ ቀርቷል። አንዲት ሴት ስድስት ቁልፍ የወደቀበት ቀሚስ ይዛ ትገባለች።
ሴትየዋ፦ አባባ፣ ለማታ ይደርስልኛል?
ሽማግሌው ቀሚሱን ያዩታል። ኮሌታቸውን ይነካሉ።
ሽማግሌው፦ ነገ ጠዋት ነይ ልጄ። ዛሬ መብራት የለም።
ከጀርባቸው አምፖሉ እየበራ ነው።

ሰባት ገጽ ፍርሃት የት ገባ? አልተነገረንም። «ዓይኔ ደክሟል» የሚል ቃል የለም። ሐሳቡ ሁሉ ወደ ኮሌታ ወጥቶ ተሰካ። ግሦቹም «ገባች፣ አዩ» ከሚለው የልብ ወለድ ወግ ወጥተው «ትገባለች፣ ያዩታል» ሆነዋል፤ ካሜራው ፊት አሁን የሚሆነውን ብቻ እንዲጽፍ ጸሐፊውን እጁን አስረውታል። ድርቅና ነው።

ድርቅናው ግን ዋጋ አለው፤ ምልክት በትክክል ካልተነበበ ከተራኪ ድምፅ የባሰ ጥፋት ያመጣል። እንበልና ጸሐፊው ሌላ ነገር አሰበ። ሽማግሌው በእግር መኪናው ላይ የክር ቀለም መቀየር ሲኖርባቸው አዲሱን ክር ከአሮጌው ጫፍ ጋር ቋጥረው ይስባሉ። ክሩ በመኪናው መንገድ ሁሉ አልፎ ይመጣና ቋጠሮው የመርፌው ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በቅርብ ቢቀረጽ ውብ ነው፦ ትንሽ ቋጠሮ፣ ትንሽ ቀዳዳ፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት። ነገር ግን ታሪኩን ያላነበበ ሰው ጽሑፉን እስከ አራተኛው ገጽ አንብቦ «እኚህ ሰው ምን እየደበቁ ነው?» ቢባል «ድህነት» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ክር የሚቆጥቡ ይመስላሉ። ይህ መልስ ከመጣ ምልክቱ ተሳስቷል። መድኃኒቱ ማብራሪያ ቃል መጨመር አይደለም። መደርደሪያው ላይ ሙሉ ሙሉ የክር ጥቅሎች ይታዩ፤ ቋጠሮው ከቆመ በኋላም ሽማግሌው መርፌውን በዓይን ሳይሆን በጣት ጫፍ ይፈልጉት። ደግሞም ድርጊቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታይ። አንዴ የታየ ነገር ልማድ ይመስላል፤ ሁለተኛው ሲከሽፍ ነው ምስጢር የሚሆነው።

የእኛ ሰው በዚህ ሁሉ አይደክምም፤ «ክሩ አልታየኝም!» ያስብላቸዋል። ያበቃል።

ወደ ገፀ ባህሪያት እንምጣ። በታሪኩ ውስጥ ለማጁ ልጅ፣ ተፎካካሪ ጎረቤት ልብስ ሰፊ፣ ቡና የሚያጣጣቸው ወዳጅ፣ ሚስት፣ ሴት ልጅና ደንበኛዋ ሴት አሉ። የእኛ ጸሐፊ ልቡ ሩኅሩኅ ስለሆነ አንዳቸውንም አይጥልም። እንዲያውም ሁለት ይጨምራል፤ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የፕሮዲውሰሩ የአክስት ልጅ። በአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ከሽማግሌው ሌላ ስምንት ሰው ሲገባ እያንዳንዱ ስሙን ተናግሮ ለመውጣት ብቻ ይበቃዋል፤ ተመልካቹ የሰው መተዋወቂያ ላይ የተገኘ ይመስለዋል። መቀላቀል ግድ ከሆነበት ደግሞ ሚስትንና ሴት ልጅን ያዋህዳል። ምክንያቱ አንዲት ተዋናይት መቅጠር ይረክሳል የሚል ነው። ሂሳብ ያውቃል።

ግትሮቹ ግን ከስማቸው ይልቅ ሥራቸውን ይጽፋሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ብቻ፦ ለማጁ ክር ያስገባል፤ ተፎካካሪው ደንበኛ ይወስዳል፤ ወዳጁ ምስጢር ይሰማል። መስመሮቹ ሲደረደሩ ወዳጁ ወዲያው ይወድቃል። በልብ ወለዱ የኖረው ሽማግሌው የሚናገሩለት ጆሮ እንዲያገኙ ነበር፤ መናገሩ ወደ ኮሌታ ከሄደ ጆሮው ሥራ ፈት ነው። ከማንም ጋር አይቀላቀልም፤ ይሰናበታል።

መቀላቀል ያለባቸው ለማጁና ተፎካካሪው ናቸው። ጠዋት ለሽማግሌው ክር የሚያስገባው ልጅ፣ ማታ ነገ የተባሉትን ደንበኞች ልብስ እቤቱ ወስዶ ራሱ ይሰፋል። የሚረዳቸውና የሚተካቸው አንድ ሰው ሆነ። ሁለት ሰዎች አንድ ሲሆኑ ቁጥሩ መቀነሱ ትርፍ አይደለም፤ ትርፉ ቀድሞ በሁለት ሱቅ መካከል የነበረው ጠብ በአንድ መርፌ ላይ መጥቶ መቀመጡ ነው። ከዚህ በኋላ ልጁ አሥረኛውን መርፌ ሲያቀብል እጁን የምናየው በሌላ ዓይን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ንግግሩ ነው። ተፎካካሪው በልብ ወለዱ «ጋሼ፣ እድሜ ካለፈ ቤት መቀመጥ ነው» ይል ነበር። ይህን መስመር ቆርጦ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ መለጠፍ ልጁን ባለጌ ያደርገዋል፤ በዚያ መንደር ሽማግሌን እንዲህ የሚናገር ለማጅ በማግስቱ አይመጣም። የተዋሐደ ሰው ንግግር ከዜሮ ይጻፋል። ልጁ ምናልባት «ጋሼ፣ የነገዎቹን ልውሰድልዎ?» ብቻ ይላል፤ ሽማግሌው ከረጢቱን ዝም ብለው ያቀብሉታል። ማወቃቸውን ያን ጊዜ እናውቃለን።

መቁረጡን በአጭሩ እንለፈው፤ በአገራችን ብዙ አይታወቅምና። ታሪኩ ወጣትነታቸውን፣ የመጀመሪያ የስፌት መኪናቸውን የገዙበትን ቀን፣ የዓይን ሐኪም ቤቱን፣ የጎረቤት ሠርግን ይዟል። ግትሮቹ ትዕይንቱን ሸፍነው ቀጣዩን ያነባሉ። ቀጣዩ ሳይጎድልበት ከቆመ የተሸፈነው ይወጣል። ሐኪም ቤቱ በዚህ ይወጣል፤ ኮሌታው ነግሮናልና። ወጣትነታቸውም ይወጣል። ጠዋት ልጁ አሥር መርፌ የሚያስገባበት ግን ምንም «የማይሆንበት» ትዕይንት ቢመስልም አይነካም፤ እሱ ከወጣ የከሰዓቱ አንድ መርፌ ተራ መርፌ ነው። ቀድሞ የተተከለውን ቆርጦ በኋላ የሚበቅለውን መጠበቅ የመቁረጥ ትልቁ ጥፋት ነው። ርዝመቱን ለመገመት ደግሞ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለውን አይታመኑበትም። ልኩ የተበጀው በ12 ነጥብ ኩሪየር ፊደል ለሚጻፍ የእንግሊዝኛ ገጽ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ገጹን በሌላ መጠን ይሞላል። ስለዚህ ድርጊቱን እያሰቡ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ በሰዓት ይይዛሉ። ሰነፍ ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር።

የእኛ ጸሐፊ ሁሉንም አስቀርቶ አንድ ይጨምራል፦ ጅቡን። በሐረር የተቀረጸ ፊልም ያለ ጅብ ማን ያምነዋል? ሽማግሌው ማታ ከግንቡ ውጭ ወጥተው ሰዎች ለጅብ ሥጋ ሲያበሉ ቆመው ያያሉ። ከመርፌው ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠይቅ ከተማውን የሚንቅ ነው። የትዕይንቱ ርዝመት አራት ደቂቃ፣ ተራኪ ድምፅ አለበት፣ ማሲንቆም ገብቷል።

ይሁን እንጂ ጅቡን ማመስገን ይገባል። ወደ ብርሃኑ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሰዎቹን ያያል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ከዚያ ሥጋውን ይነጥቃል። መፍራቱም መራቡም ገባን። በፊልሙ ውስጥ ተራኪ ድምፅ ሳያስፈልገው የሚያስበው እሱ ብቻ ነው።